40 በመቶ ቅናሽ ላይ 25 በመቶ ሲጨመር ኮቱ ስንት ይገባል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ወገኖች። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። አንድ የክረምት ኮት አይቻለሁ፣ ታጉ ላይ 200 ዶላር ይላል። 40 በመቶ ቅናሽ ላይ ነው። ካሸር ላይ ደግሞ ተጨማሪ 25 በመቶ ይቀነሳል ተብሎ ተለጥፏል። በድምሩ 65 በመቶ ስለሆነ በ70 ዶላር እወስደዋለሁ ብዬ ነበር። ባለቤቴ ግን አይሆንም አለችኝ። ማናችን ነን ልክ?»

ባለቤትህ ልክ ናት፣ ወንድሜ። ኮቱ 90 ዶላር ይመጣል። የሜሪላንድ የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ሲጨመርበት 95 ዶላር ከ40 ሳንቲም ትከፍላለህ።

እዚሁ ሜሪላንድ ልብስ መደብር ውስጥ ለዓመታት ካሸር ሆኜ ሠርቻለሁ። የታንክስጊቪንግ ሰሞን ሰልፉ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በዚሁ ሂሳብ ነው። ሰው በልቡ 70 ዶላር ይዞ ይመጣል፣ ስክሪኑ 90 ሲል ተጭበረበርኩ ይላል። ማሽኑ ግን አልተሳሳተም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመቶ ሲባል ሁሌም «የምን?» ብለህ ጠይቅ። የመጀመሪያው 40 በመቶ የ200 ዶላር ነው፤ 80 ዶላር ይነሳልህና 120 ይቀራል። ሁለተኛው 25 በመቶ ሲመጣ ግን 200 ዶላሩ የለም። ያለው 120 ነው። የ120 ሩብ 30 ነው፣ እሱ ሲነሳ 90 ይቀራል። አንተ በ70 እና በ90 መካከል ያጣሃት 20 ዶላር ከየት እንደመጣች ማየት ከፈለግህ፣ የ80 ዶላር 25 በመቶ ናት። ያቺ 80 ዶላር አስቀድማ ተቀንሳልሃለች። ካልተጠየቅከው ገንዘብ ላይ እንደገና ቅናሽ አይሰላም።

መደብር ውስጥ ቆመህ ስታሰላ የሚቀነሰውን ትተህ የምትከፍለውን ብቻ ያዝ። 40 በመቶ ከተነሳ 60 ትከፍላለህ። 25 በመቶ ከተነሳ 75 ትከፍላለህ። ስልክህ ላይ እንዲህ ጻፈው፦

200 × 0.60 × 0.75 = 90

የበመቶ ምልክቷን ባትነካት እመርጣለሁ፤ ሁሉም ካልኩሌተር በአንድ ዓይነት መንገድ አይረዳትም። በነጥብ ከጻፍከው ግን የትም ያው ነው። ስልክ ማውጣት ካልፈለግህም 120ን ለአራት ከፍለህ ሦስቱን እጅ መያዝ ነው። 30፣ 60፣ 90።

የትኛው ቅናሽ ይቅደም ብለው የሚከራከሩ ደንበኞችም ነበሩኝ። ለውጥ የለውም። 25ቱ ቢቀድም 200 ወደ 150 ይወርዳል፣ ከዚያ 40 በመቶ ሲነሳ ያው 90 ነው። ማባዛት ስለሆነ ቦታ ቢለዋወጥ ግድ የለውም። ዋጋው 149.99 ዓይነት ሲሆን ሳንቲሙ በየደረጃው ስለሚጠጋጋ አልፎ አልፎ የአንድ ሳንቲም ልዩነት ሊመጣ ይችላል። ለሳንቲም ደግሞ አንጣላም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነው። ሦስት መደብሮች ያንኑ ኮት በ200 ዶላር ይሸጣሉ እንበል። አንዱ 40 ከዚያ 25 ይላል። ሁለተኛው 50 ከዚያ 15። ሦስተኛው 60 ከዚያ 5። ብትደምራቸው ሁሉም 65 ናቸው፣ ስለዚህ እኩል ይመስሉሃል። የምትከፍለው ግን የመጀመሪያው ጋ 90፣ ሁለተኛው ጋ 85፣ ሦስተኛው ጋ 76 ዶላር ነው። የሁለቱ ቅናሾች ድምር እኩል ከሆነ፣ አንዱ በጣም ትልቅ ሌላው በጣም ትንሽ ሲሆን ለገዢው ይሻላል። ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ ነው ብዙ የሚበላህ። ስለዚህ የአንተ 40 እና 25 በእውነተኛ ስሙ 55 በመቶ ነው። ጎረቤት ያለ መደብር ያንኑ ኮት አንድ ጊዜ ብቻ 60 በመቶ ቀንሶ ካገኘኸው ሳታመነታ እሱን ውሰድ፣ 80 ዶላር ነው። ማስታወቂያው ላይ ግን ሁለት ቁጥር ያለው ይበልጥ ዓይን ይስባል፣ ለዚህም ነው የሚጽፉት።

አሁን ወደ ጥቃቅኑ ጽሑፍ። ተጨማሪው ቅናሽ ከምን ላይ እንደሚነሳ አንብብ። አብዛኛውን ጊዜ «ከተቀነሰው ዋጋ ላይ» ነው የሚለው፣ ያኔ የነገርኩህ ሂሳብ ነው። «ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ» የሚል ካጋጠመህ ግን አንተ ያሰብከው ነገር እውነት ይሆናል፣ 80 እና 50 ተነስቶ 70 ይቀራል። እኔ በሠራሁበት እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አላየሁም። «እስከ 40 በመቶ» የምትለዋንም ተጠንቀቅ፤ ያኔ ያንተ ኮት 20 ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ብራንዶች ደግሞ ከተጨማሪው ቅናሽ ውጪ ይደረጋሉ፣ ክረምት ላይ በብዛት የሚወጡት ውድ ኮቶች ናቸው። ታጉን ይዘህ ካሸሯን አስቀድመህ ስካን አድርጊልኝ ብትላት ሰልፉን ሳትይዝ ትገላገላለህ።

ከከፈልክ በኋላ ደረሰኙን እዚያው ቆመህ እየው። ሁለት የቅናሽ መስመር መኖር አለበት፣ አንዱ 80፣ ሁለተኛው 30። አንድ ብቻ ካየህ ተጨማሪው አልገባም ማለት ነው። ይሄ በደንብ ያጋጥማል፤ ኩፖኑ ስካን ሳይደረግ ያልፋል፣ ወይም ቅናሹ በሲስተሙ ላይ ገና አልተጫነም። ያኔ 120 ላይ ታክስ ተጨምሮ 127 ዶላር ከ20 ሳንቲም ተጠይቀሃል። ካሸሯ ወዲያው ታስተካክለዋለች፣ ቤት ደርሰህ ከተመለስክ ግን ማኔጀር ፍለጋ ነው። ታክሱም ከ90 ዶላሩ ላይ መሰላቱን አረጋግጥ፤ 5 ዶላር ከ40 ሳንቲም መሆን አለበት። 12 ዶላር ካየህ በ200 ላይ ነው የተሰላው። ለሚኒሶታ ወገኖች ይሄ አያሳስባቸውም፣ እዚያ ልብስ ላይ የሽያጭ ታክስ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሁለቱ ሌላ የ20 ዶላር ኩፖን ከኖረህ፣ እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ቁርጥ ያለ ዶላር ከበመቶ ጋር ሲቀላቀል ማባዛት ብቻ መሆኑ ይቀራል። ኩፖኑ መጨረሻ ላይ ከተነሳ 90 ወደ 70 ይወርዳል። በሁለቱ ቅናሾች መካከል ከገባ 75 ነው። መጀመሪያ ላይ ከገባ ደግሞ 180 ላይ ጀምረህ 81 ትደርሳለህ። ካሸሯ እንደፈለገች አታደርገውም፣ ሲስተሙ የራሱ ሕግ አለው። ግን አንዳንድ ማሽን ላይ ኩፖኑ በተነበበበት ቅደም ተከተል ነው የሚሰላው። ስለዚህ የበመቶውን መጀመሪያ፣ የዶላሩን መጨረሻ ስጣት።