ስብሰባ ላይ ሳትጨርሱ ለምትቋረጡ

ልጆች፣ ሰሞኑን ከወጣት መሐንዲሶች ጋር ቡና በጠጣሁ ቁጥር አንድ ቅሬታ እሰማለሁ። ስብሰባ ላይ አፌን ስከፍት እከሌ ይገባብኛል፤ እሱ አንዴ ከገባ ደግሞ እኔን የሚያስታውሰኝ የለም። እኔ የኮንስትራክሽን ሰው ነኝ፤ በሳይት ስብሰባ ነው ያረጀሁት። እዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንዲት የማውቃት ልጅ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካበትን የ7 ቀን ኪዩብ ውጤት ይዛ ሳምንታዊ ስብሰባ ገባች። ኮንክሪቱ ሲ-25 ነው፤ በ7 ቀኑ 16 ወይም 17 ሜጋፓስካል አካባቢ ይጠበቃል። የወጣው 12 ነበር። ተቋራጩ ደግሞ የሦስተኛውን ወለል ድጋፍ ሐሙስ ላንሳ ብሏል፣ ባህር ዛፉን ለላይኛው ወለል ይፈልገዋልና። እሷ መናገር ስትጀምር አንድ ከፍተኛ መሐንዲስ፣ ድምፁ እንደ ሚክሰር የሆነ፣ ገባባት። «እሱ ችግር የለውም፣ በ28 ቀኑ ይደርሳል፣ ወደ ሲሚንቶው እንሂድ» አለ። ሁሉም ወደ ሲሚንቶው ሄደ።

ማታ ደውላ ስትነግረኝ «ያልሽውን ቃል በቃል ድገሚልኝ» አልኳት። እንዲህ ነበር ያለችው፦ «ከላቦራቶሪ በመጣው ውጤት መሠረት፣ ባለፈው ሳምንት ከተወሰዱት ናሙናዎች አንጻር ሲታይ፣ የሦስተኛው ወለል ስላብ ድጋፍ በተባለው ቀን የሚነሳ ከሆነ…»

እስቲ አስቡት። ይህን ሁሉ ተናግራ ድጋፉ ይነሳ ትበል አይነሳ የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ መሃል ላይ የተቆረጠ ሰው ገና ምንም አላለም። ምክንያቱን አስቀድመን፣ አክብሮቱን ደራርበን፣ ፍርዱን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ልማዳችን ነው። ለሽምግልና ያምራል። ነጣቂ ባለበት ስብሰባ ግን አያዋጣም። «ድጋፉ ሐሙስ መነሳት የለበትም። ኪዩቡ 12 ነው የወጣው» ብላ ብትጀምር ኖሮ፣ ሰውየው ቢያቋርጣትም የሚያቋርጠው ማብራሪያውን ነው። ፍርዱ አንዴ ጠረጴዛው ላይ ወድቋል። ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ በኋላ ነው ትንፋሽ የሚወሰደው።

ግን ብታሳጥሩትም የሚገባባችሁ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ሲገባ አብዛኞቻችሁ ወዲያው ዝም ትላላችሁ፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ ድምፃችሁን ከፍ ታደርጋላችሁ። ሁለተኛው ይብሳል፤ በጩኸት እሱን አትችሉትም፣ ደግሞም የሚታየው እናንተ የጮኻችሁት ነው። የጀመራችሁትን ዓረፍተ ነገር በያዛችሁት ድምፅ እስከ ነጥቡ ውሰዱት። ሁለታችሁም ለጥቂት ሰከንድ አብራችሁ ትናገራላችሁ፤ ያስጨንቃል፣ ግን ያልፋል። ካላቆመ ዓይናችሁን ከእሱ አንሥታችሁ ወደ ሰብሳቢው አዙሩና «ሰብሳቢ፣ አልጨረስኩም፣ አንድ ነጥብ ይቀረኛል» በሉ። ከነጣቂው ጋር አትከራከሩ። እድል የሚሰጠውም የሚነሳውም ሰብሳቢው ነው። ሰውየው በዕድሜ ከእናንተ የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ በሰው ፊት ማሳፈሩ ነውር ነው፤ «ኢንጂነር፣ ይቅርታ፣ ልጨርስና እመለስልዎታለሁ» ይበቃል። ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያው አትጀምሩ። ከተቆረጣችሁበት ቀጥሉ፤ እንደገና ከጀመራችሁ ሰው ይሰለቻል፣ እሱም እንደገና ይገባል።

በነገራችን ላይ የሚገባባችሁ ሁሉ ነጣቂ አይደለም። አንዳንዱ በሐሳባችሁ ተደስቶ ነው የሚገባው፤ እሱ የእናንተን ነገር ይዞ ይቀጥላል፣ ብዙ ጊዜም መልሶ ይሰጣችኋል። ነጣቂውን የምትለዩት ርዕሱን ሲቀይር ነው። ሥራ አስኪያጁ ሲናገር ደግሞ እዩት። ያን ጊዜ አፉን ዘግቶ የሚያዳምጥ ከሆነ፣ ነገሩ ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ ትረዳላችሁ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። በማግስቱ የቃለ ጉባኤው ረቂቅ መጣ። «የሦስተኛው ወለል ድጋፍ ሐሙስ እንዲነሳ ስምምነት ተደርሷል» ይላል። ከሥሩ የእሷ ስም፣ ከስሟ ጎን ባዶ የፊርማ ቦታ አለ። ብዙ ወጣት እዚህ ላይ ነው ሁለተኛ ጊዜ የሚሸነፈው። ስብሰባው አለቀ ብሎ ይፈርማል። ነገ ስላቡ ቢሰነጠቅ ግን የሚገለጠው ያ ወረቀት ነው፤ ማን ማንን እንዳቋረጠ ወረቀቱ አይናገርም። እሷ አልፈረመችም። ለሰብሳቢው አጭር ደብዳቤ ጻፈች፤ ውጤቱን አያይዛ፣ «በዚህ ነጥብ ላይ አልተስማማሁም፤ የ14 ቀን ኪዩብ እስኪታይ ድጋፉ እንዲቆይ የሚለው የልዩነት ሐሳቤ በቃለ ጉባኤው ይመዝገብልኝ» አለች። ስለ መቋረጧ አንድ ቃል አላነሳችም፤ እኔም አታንሺ ብያት ነበር። ስለ መቋረጥ ከተጻፈ ነገሩ የሁለት ሰው ጠብ ይሆንና ኪዩቡ ይረሳል። ሰብሳቢው የተጻፈ ቁጥር ፊቱ ሲቀመጥ ሐሙስን ሰረዘው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ቀድማ ተዘጋጀች። ከስብሰባው በፊት ሰብሳቢውን አግኝታ «የኪዩብ ውጤት» የሚል አጀንዳ በስሟ እንዲያዝና 5 ደቂቃ እንዲሰጣት ጠየቀች። ይህን ከሁሉ አስበልጠዋለሁ። አጀንዳው የእናንተ ሲሆን የሚያቋርጣችሁ ሰው ሰብሳቢውንም ነው የሚያቋርጠው። ዓይን አፋር ብቻ ነው ይህ የሚያስፈልገው ብላችሁ እንዳታስቡ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችም ሲያስቸግራቸው ኖሯል፤ ሴቶቹ ዳኞች ከወንዶቹ ይበልጥ እንደሚቋረጡ ጥናት አሳየ። ከ2021 ወዲህ ከነጻው ጥያቄ በኋላ እያንዳንዱ ዳኛ በተራው የሚጠይቅበት ዙር ተጨምሯል። ዳኛዋ ሶቶማዮርም ለለውጡ እነዚያ ጥናቶች ድርሻ እንደነበራቸው በአደባባይ ተናግረዋል። የዕድሜ ልክ ሹመት ያለው ዳኛ ተራ ካስፈለገው፣ እናንተ ተራ ስትጠይቁ ምን ያሳፍራል?

ሰውየውን ለብቻው ማናገር ይሻላል ወይ ትሉኛላችሁ። ይሻላል፣ ግን «ሁልጊዜ ያቋርጡኛል» ብላችሁ አትሂዱ፤ ይክዳል፣ ከልቡም ላያውቀው ይችላል። አንድ ጊዜ ጥቀሱ፦ «ማክሰኞ ስለ ኪዩቡ ስናገር ወደ ሲሚንቶው ወሰዱት፤ በሚቀጥለው እስክጨርስ ቢጠብቁኝ» በሉት። ልጅቷ ይህን ስትለው ሰውየው ሳቀ፣ ቡናውንም ከፈለላት። ጠባዩ ጨርሶ ለቀቀው አልልም። አሁንም ሌላውን ያቋርጣል፣ እሷ ስትናገር ግን ብዙ ጊዜ ይጠብቃል።

አንድ የሚያቅተኝ ነገር አለ። አቋራጩ ራሱ ሰብሳቢው ሲሆን እስካሁን የነገርኳችሁ አብዛኛው አይሠራም፤ ወደ ማን ትዞራላችሁ? ያን ጊዜ ቁጥሩን ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ ለሁሉም ላኩ፣ ውስጥ ገብታችሁ ብዙ አትታገሉ፣ ቃለ ጉባኤውንም ሳታነቡ አትፈርሙ።