ዶሮው በስሏል ያልኩበት ሌሊት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የምግብ ዝግጅት ተማሪ «ጋሼ፣ ሳልቆርጠው ውስጡ መብሰሉን በምን ልወቅ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ አጭር ነው፤ እኔ ግን ቶሎ አልመለስኩላትም። ጥያቄዋ የቆየ ጸጸቴን ቀሰቀሰብኝ።

ያኔ በአንድ ሆቴል የማታ ፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። የሰርግ ግብዣ ነበረብን፤ አርባ ሙሉ ዶሮ አሮስቶ ታዟል። ዶሮዎቹ ከፍሪዘር የወጡት በዚያው ቀን ጠዋት ነበር። ከሰዓት በኋላ ስነካቸው ቆዳቸው ለስልሷል፣ ሥጋቸውም ይታጠፋል፤ በቃኝና ቅቤና ነጭ ሽንኩርት አስቀብቼ ወደ ምድጃ አስገባኋቸው። አብራን የምትሠራ አንዲት እናት እጇን ወደ አንዱ ሆድ ሰደደችና «ጌታዬ፣ ውስጡ ገና በረዶ ነው» አለችኝ። ሙሽሮቹ ሊገቡ ነበር። «እሳቱ ይጨርሰዋል» ብዬ አለፍኳት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ቆዳቸው ወርቅ መሰለ። የአንዱን ደረት በሹካ ወጋሁት፤ የወጣው ፈሳሽ ንጹሕ ነበር። «ይውጣ!» አልኩ። ሌሊት አንድ የተረፈ ዶሮ ለሠራተኛው ስበልት፣ ጭኑ ከገላው የሚገናኝበት ቦታ ሥጋው እንደ ጥሬ ያብረቀርቃል፣ ከአጥንቱም አልላቀቅ አለ። በማግስቱ ማታ ተቅማጥና ትኩሳት የያዛቸው እንግዶች እንዳሉ ተነገረን። የሙሽራዋ አያት ሆስፒታል ገብተው ሰነበቱ። ያቺን እናት ግን «ልክ ነበርሽ» አላልኳትም። ብዙም ሳይቆይ ሥራ ለቀቀች፤ እስከ ዛሬ አላገኘኋትም።

ስህተቴ ቀለምን ማመኔ ነበር። ቆዳ የሚቀላው በምድጃው ሙቀት ነው፤ ስለ ውስጡ አይናገርም። ደረትም ከጭን ቀድሞ ይበስላል፤ ስለዚህ ከደረት የወጣ ንጹሕ ፈሳሽ ለጭኑ ምስክር አይሆንም። በተቃራኒውም አለ፦ የፈረንጅ ዶሮ ገና በጨቅላነቱ ስለሚታረድ፣ በደንብ በስሎም አጥንቱ አጠገብ ሊቀላ ይችላል። ቀይ ስላየ ብቻ ደረቱን እስኪደርቅ የሚያቃጥል ብዙ ወጣት አይቻለሁ።

የሚታመነው 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሳልሞኔላን የመሰሉ ተሕዋስያን በዚህ ሙቀት ወዲያው ይሞታሉ። የቴርሞሜትሩን ጫፍ በጭኑና በገላው መካከል፣ ሥጋው በወፈረበት ቦታ አስገቡ፤ አጥንት ከነካ ግን ቁጥሩ ያሳስታል፣ ትንሽ መልሳችሁ ለኩ። ቀጥሎ የደረቱን ወፍራም ቦታ ለኩ። ከሁለቱ ዝቅተኛውን ቁጥር ነው የምታምኑት። ከተማሪዋ ጋር የጠበስነው አንድ ኪሎ ተኩል የሚሆን ዶሮ ነበር። ደረቱ 75 ሲል ጭኑ 67 አለ። እሷ ልታወጣው ነበር። ደረቱን በፎይል ሸፍነን መለስነው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ጭኑ 76 ደረሰ። ለጭን እንዲያውም እስከ 80 ቢሄድ ይሻላል፤ ጅማቱ ይለሰልሳል።

ቴርሞሜትሩንም ፈትኑት። ብርጭቆ ሙሉ የተፈጨ በረዶ ላይ ትንሽ ውኃ ጨምሩ፣ ጫፉን መካከሉ ላይ ያዙት፤ ዜሮ ማለት አለበት። በፈላ ውኃ የምትፈትኑ ከሆነ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ መሆኗን አስቡ፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ «መቶ አይልም» ብሎ ደህናውን ቴርሞሜትር ሲጥል ደርሼበታለሁ።

እናቴ ቴርሞሜትር አይታ አታውቅም። የእሷ አሥራ ሁለት ብልት ግን ወጡ ውስጥ ሲንተከተክ ይውላል፤ የሐበሻ ዶሮ እስኪለሰልስ ድረስ ከ74 ካለፈ ቆይቷል። የእናንተ ችግር ያለው አሮስቶ፣ ጥብስና ክሪስፒ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ዛሬ ልጆች ከስልክ ቪዲዮ አይተው «ሃያ ደቂቃ» ይላሉ። የማን ምድጃ? ስንት ኪሎ ዶሮ?

እኔ ራሴ ዛሬም ከመለካቴ በፊት እግሩን ይዤ አወዛውዘዋለሁ። ሲበስል መገጣጠሚያው ይላላል፤ እምቢ ካለ ቴርሞሜትሩን ማውጣትም አያስፈልግም፣ ገና ነው። ሲላላ ግን እለካዋለሁ።

የቀዘቀዘ ዶሮ ደግሞ ከዋዜማው ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ፤ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝነው ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ወደ ምድጃ ከማስገባታችሁ በፊት እጃችሁን ሆዱ ውስጥ ከትታችሁ አጥንቱን ዳስሱ። በረዶ ካገኛችሁ እንግዳው ይጠብቅ። ከዳሰሳችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።