«ላይት» ብርሃን፣ መብራት ወይስ ቀላል? ቃሉን ሳይሆን ዙሪያውን መጠየቅ

«ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የምመልሰው የስልክ መተግበሪያ የቃላት ሰንጠረዥ ደርሶኛል። ‹ላይት› የሚለው ቃል በሦስት ረድፍ ብቻውን ተቀምጧል። ‹ባንክ›ም እንዲሁ በሁለት ረድፍ አለ። መዝገበ ቃላቱ ብዙ ትርጉም ይሰጠኛል። ላኪውን ስጠይቀው ‹ትርጉሙን ብቻ ጻፍ› አለኝ። እናንተ በምን ትለያላችሁ?»

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የጤና፣ የእርሻና የመሣሪያ መመሪያዎችን በመተርጎም ብዙ ዓመት ስለ ቆየሁ፣ በእጄ ካለፈው ተነሥቼ እመልስልዎታለሁ።

መዝገበ ቃላቱን ለጊዜው ይዝጉት። መዝገበ ቃላት አንድ ቃል ሊኖሩት የሚችሉትን ትርጉሞች ሁሉ ይዘረዝራል እንጂ፣ በእርስዎ ረድፍ ላይ ያለው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ያንን የሚናገሩት ከቃሉ ጋር የተቀመጡት ነገሮች ናቸው። በገዛ ቋንቋችን ይህን ሳናስበው እናደርገዋለን። «ዋና» የሚለውን ቃል ብቻውን ጽፌ ባሳይዎት፣ መጥበቅና መላላት በፊደላችን ስለማይታይ፣ አለቃውን ይሁን በውሃ ውስጥ የሚዋኘውን ማለቴ እንደ ሆነ ሊያውቁ አይችሉም። «ዋና አሠልጣኝ» ብል የቡድኑ አለቃ ነው፤ «የዋና አሠልጣኝ» ብል ግን አንዲቷ «የ» ወደ መዋኛ ገንዳው ትወስድዎታለች። «የዋና አሠልጣኙ ውሳኔ» ብል ደግሞ ያችው «የ» መለየት ይሳናታል፣ ወሬው ስለ እግር ኳስ ይሁን ስለ መዋኛ ለማወቅ ከዐረፍተ ነገሩ መውጣት ያስፈልጋል። ከእንግሊዝኛው ቃል ጋር የምንሠራውም ሥራ ይኸው ነው።

በሰንጠረዥ ላይ መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ «የዚህ ቃል ተቃራኒ ማን ነው?» የሚል ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚያዋጣኝም እሱ ነው። እርስዎ ጋ የደረሰው ሰንጠረዥ ከመተግበሪያው ሲወጣ በእያንዳንዱ ረድፍ አጠገብ የመለያ ስም እንደ ነበረው እገምታለሁ። ላኪዎች «ተርጓሚው ምን ያደርግለታል?» ብለው ያንን ዓምድ ብዙ ጊዜ ያጠፉታል። እንዲመልሱልዎ ይጠይቁ። ሲመለስ እንዲህ ያለ ነገር ያገኛሉ፦

```
theme.light = Light
theme.dark  = Dark
rain.light  = Light
rain.heavy  = Heavy
torch.light = Light
```

የመጀመሪያው ከጨለማው የገጽ ቀለም ጋር የቆመ ስለሆነ «ብሩህ» ወይም «ፈካ ያለ» ይሆናል። ሁለተኛው ከከባድ ዝናብ ጋር ስለሚወዳደር፣ የአየር ትንበያ አንባቢዎች እንደሚሉት «ቀላል ዝናብ» ነው። ሦስተኛው ተቃራኒ የለውም፣ ነገር ግን የመለያው ስም የእጅ ባትሪን ስለሚያነሣ «መብራት» እንደ ሆነ ያሳያል። መለያው ጨርሶ ባይገኝ እንኳ የረድፎቹ ቅደም ተከተል ካልተቀየረ ከላይና ከታች ያሉትን አምስት አምስት ረድፎች ማንበብ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ላኪው ረድፎቹን በፊደል ተራ ደርድሮ ከሆነ ግን ጎረቤቶቹ ስለተበተኑ የመጀመሪያውን ቅጂ ይጠይቁ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የትርጉም ሶፍትዌሮች ተመሳሳይ ጽሑፍ ያላቸውን ረድፎች ሲያገኙ የመጀመሪያውን ትርጉም ራሳቸው በቀሩት ላይ ይሞላሉ። ለአንድ ወጥ ጽሑፍ ይህ ብዙ ጊዜ ያግዛል፤ አንድ ቃል በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ ሲመጣ በአንድ ትርጉም ጸንቶ የመቆየት ጠባይ አለውና። የእርስዎ ሰንጠረዥ ግን ከተለያዩ የስልክ ገጾች የተለቀመ ስለሆነ አንድ ጽሑፍ አይደለም። ያንን የመሙያ ምርጫ ያጥፉትና ሦስቱን ረድፎች ለየብቻ ይመልሷቸው።

ስለ «ላይት» ሳልናገር የማላልፈው፣ ትክክለኛውን ትርጉም ከለየን በኋላም አማርኛው ራሱ ሌላ ጥያቄ የሚያነሣ መሆኑን ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚጠራውን እኛ ብርሃንና መብራት ብለን ለሁለት እንከፍለዋለን። በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ «ከላይት አርቁ» የሚል ቢመጣ «ከብርሃን» ነው የሚባለው። «ከመብራት» ብንል ሕመምተኛው መድኃኒቱን ከአምፖሉ አርቆ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ከዚህ የባሰ ስሕተት የሠራሁት በአንድ የሕክምና መሣሪያ መመሪያ ላይ ነበር። መመሪያው «ላይቱ ሲጠፋ መሣሪያውን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ» ይላል፤ እኔም «መብራት ሲጠፋ» ብዬ ጻፍኩ። ዐረፍተ ነገሩ በአማርኛ እንከን የለበትም፣ ነገር ግን በአገራችን «መብራት ጠፋ» ማለት ኤሌክትሪክ ተቋረጠ ማለት ነው። ረቂቁን እንድታይልኝ የሰጠኋት ነርስ «ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር ባለሙያ የምንጠራ ከሆነ ሥራ አንሠራም» ስትለኝ ነው የነቃሁት። በመሣሪያው ፊት ያለችውን አረንጓዴ ጠቋሚ ለማለት እንደ ሆነ ያወቅሁት ሥዕሉን ካየሁ በኋላ ነበር፤ «በመሣሪያው ፊት ያለችው አረንጓዴ መብራት ስትጠፋ» ብዬ አረምኩት። ያለ ሥዕሉ እንግሊዝኛው ብቻ ያንን አይነግረኝም ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄዬ «አንባቢው ይህን ሲያነብ ዓይኑ ምን ላይ ነው?» የሚል ሆኗል።

ወደ «ባንክ» ልምጣ። ቃሉ ብቻውን ከሆነ ሁላችንም ወደ ገንዘቡ እንሮጣለን፣ ምክንያቱም ያ ትርጉም በቃሉ ሳይቀር አማርኛ ሆኗል። ሌላው ትርጉም የወንዝ ዳርቻ ነው። በዙሪያው ያሉትን ቃላት ብቻ መቁጠር እንዴት እንደሚያሳስት የተማርኩት በአንድ የመስኖ ሰነድ ላይ ነው። ከአንድ ባልደረባዬ ለእርማት የመጣልኝ ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛው ባንክ፣ ዲፖዚት እና ከረንት የሚሉ ሦስት ቃላት ነበሩበት። ባልደረባዬ ሦስቱንም በአንድ ላይ ሲያያቸው ባንክ፣ ተቀማጭ እና ተንቀሳቃሽ ሒሳብ አድርጎ አነበባቸው። ማንም ቢሆን እንደዚያ ሊያነብ ይችላል፣ እርስ በርሳቸው የሚመሰካከሩ ይመስላሉና። ነገር ግን ሦስቱም ሁለት ሁለት ትርጉም ያላቸው ምስክሮች ናቸው። ከረንት የውሃ ፍሰትም ነው፣ ዲፖዚት ውሃ ተሸክሞ አምጥቶ የሚጥለው ደለልም ነው። ዐረፍተ ነገሩ የሚለው፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ፍሰቱ በግራው ዳርቻ ዝግ ስለሚል ደለሉ እዚያ ይከማቻል ነበር።

ነገሩን የፈቱት ወደ ወንዙ ብቻ የሚያመለክቱ ሁለት ቃላት ናቸው። አንዱ «ግራ» የሚለው ነው፤ የገንዘብ ባንክ ከምን አንጻር ግራ ሊሆን ይችላል? ሌላው «ዝግ ይላል» የሚለው ግሥ ነው። በወንዝ መታጠፊያ ውስጠኛው ዳርቻ ላይ ውሃው ዝግ ብሎ ደለሉን ይጥላል፣ ውጫዊው ዳርቻ ደግሞ ይሸረሸራል። ይህን የሚያውቅ ሰው ግሡን ሲያይ ወዲያው ወንዝ ውስጥ እንዳለ ይገባዋል። ስለዚህ ዙሪያውን ስጠይቅ መጀመሪያ ግሡን እጠይቃለሁ፦ ይህ ነገር ምን ያደርጋል? ምን ይደረግበታል? ከሚያበድር፣ ከሚከፍል፣ ቅርንጫፍ ከሚከፍት ጋር ከሆነ ገንዘቡ ነው። ከሚሸረሸር፣ ሣር ከሚተከልበት፣ ውሃ ከሚያልፈው ጋር ከሆነ ዳርቻው ነው። (በነገራችን ላይ በውሃ ሥራ ሰነዶች የወንዝ ግራና ቀኝ የሚቆጠረው ፊቱን ወደ ውሃው መውረጃ ባዞረ ሰው ነው፤ ተርጓሚው ይህን ካላወቀ «ዳርቻ» ብሎ በትክክል ተርጉሞም ሥዕሉ ላይ ቦታውን ሊያዛባ ይችላል።)

ግሡም የማይፈታው ጊዜ አለ። «ባንኩ ፈረሰ» የሚል ቢመጣ የገንዘቡም የአፈሩም ባንክ ይፈርሳል። ያኔ መስኮቱን ማስፋት ነው። ዋረን ዊቨር የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1949 በማሽን ስለ መተርጎም በጻፈው ማስታወሻ ላይ ይህን በጥሩ ምሳሌ አስቀምጦታል፦ ገጹን አንድ ቃል ብቻ በሚያሳይ ቀዳዳ ብናየው የቃሉን ትርጉም መወሰን አይቻልም፤ ቀዳዳውን ግራና ቀኝ እያሰፋን ብንሄድ ግን በቂ ቃላት ስናይ ይለያል። ዬሆሹዋ ባር-ሂለል የተባለው እስራኤላዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1960 ይህ የማይበቃበትን ምሳሌ አመጣ። በእንግሊዝኛ ብዕርና ሕፃን የሚጫወትበት አጥር «ፔን» በሚል አንድ ቃል ይጠራሉ። የሕፃኑ የመጫወቻ ሣጥን ፔኑ ውስጥ ተገኘ ሲባል፣ ሣጥን ብዕር ውስጥ እንደማይገባ የምናውቀው ከቃላቱ ሳይሆን ከዕቃዎቹ መጠን ነው። ለዚህ ነው ሥዕል፣ የገጽ ምስልና የሰነዱን ባለቤት የምንፈልገው።

የላኪው መልስ አጭር የሆነው፣ ይመስለኛል፣ ጥያቄው ሰፊ ስለነበረ ነው። «ላይት ምን ማለት ነው?» የተባለ ሰው ቋንቋውን የማያውቅ ተርጓሚ የጠየቀው ይመስለዋል። እኔ የምልከው ረድፉን በቁጥር ጠርቼ፣ በአንድ ቃል የሚመለስ አድርጌ ነው፦ «በ14ኛው ረድፍ ያለው ላይት ከምን ጋር ይፈራረቃል? ከጨለማ ጋር ነው፣ ከከባድ ጋር ነው ወይስ የሚበራና የሚጠፋ ነገር ነው? በአማርኛ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አይተዋት፤ ላኪው በእርስዎ ቋንቋ ቃሉ እንደሚከፈል ሲያውቅ ለመጠየቅዎ ምክንያቱ ይገባዋል። ለ«ባንክ» ደግሞ «ይህ ጽሑፍ የሚታየው በየትኛው ገጽ ላይ ነው? የገጹን ፎቶ ይላኩልኝ» ማለት ይበቃል። መተግበሪያው የክፍያ ከሆነ ሁለቱም ረድፎች የገንዘቡ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ወይም የካርታ ከሆነ ግን ሳይጠይቁ አይለፉ።

መልስ ባይመጣልዎ ደግሞ ረድፉን በግምት ሞልተው ዝም አይበሉ። በጣም የሚመስለውን ይጻፉና በአስተያየት ዓምዱ ላይ ምን እንደ ገመቱ፣ ከምን ተነሥተው እንደ ገመቱና ሌላው አማራጭ ምን እንደ ሆነ በሁለት መስመር ያስቀምጡ። መተግበሪያው ሲሞከር ገጹን የሚያየው ሰው ያችን ማስታወሻ ይዞ ስሕተቱን በአንድ ደቂቃ ያርማል።