የቲቢ ታካሚ ክብደት አልጨምር ሲል

ቲቢ ክሊኒክ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች የምጽፈው ስለ ሚዛን ነው። ታካሚውን ትመዝናላችሁ፣ ካርዱ ላይ ትጽፋላችሁ፣ ቀጣዩን ትጠራላችሁ። ወረፋው ረጅም ስለሆነ አልፈርድባችሁም። ግን አንድ ታካሚ ላይ ትንሽ እንቆይ።

እንበልና አዲስ አበባ የሚኖር የ34 ዓመት የቀን ሠራተኛ ነው። አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖራል። አክታው ውስጥ ቲቢ ተገኝቷል። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 47 ኪሎ ነው። 47ን ለ1.70 ሁለት ጊዜ ስታካፍሉት 16.3 ይመጣል። ከ18.5 በታች ከሆነ የምግብ እጥረት አለ ማለት ነው፤ ከ16 በታች ከሆነ ደግሞ ከባድ ነው።

እዚህ ላይ አታቁሙ። «ከመታመምዎ በፊት ስንት ኪሎ ነበሩ?» በሉት። «58» ካለ 11 ኪሎ ወርዷል፤ ከሰውነቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ማለት ነው። ተመዝኖ የማያውቅ ከሆነ ቀበቶውን ስንት ቀዳዳ እንዳጠበቀ ጠይቁት፣ ይነግራችኋል። ከዚያ እዩት። በዓይኑና በጆሮው መካከል ያለው ቦታ ጎድጉዷል? የአንገቱ አጥንት ወጥቷል? በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ መካከል ያለው ጡንቻ ጎድጉዷል? የቲቢ ትኩሳትና የሰውነት መቆጣት ጉልበት ይበላል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሰውነትም የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ይኖራል። እግሩንም ተጭናችሁ እዩ። በእግር ወይም በሆድ የተጠራቀመ ውሃ ሚዛኑን ያታልላል። ጃኬትና ጫማም እንዲሁ።

ሕክምናው በደንብ ሲሄድ ትኩሳቱ ይጠፋል፣ ፍላጎት ይመለሳል፣ ክብደት ይጨምራል። የእኛ ሰው ግን በሁለተኛው ወር መጨረሻ 47.5 ኪሎ ላይ ነው። 18.5 ለመድረስ 53.5 ኪሎ ያስፈልገዋል። «ምግብ ይብሉ፣ እንቁላል፣ ወተት» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። መጀመሪያ በሽታው ለመድኃኒቱ እየተበገረ መሆኑን አረጋግጡ፦ ኪኒኑን ሳያቋርጥ ወስዷል? የአክታው ውጤት ምን አለ? ኤች አይ ቪና ስኳርስ ተመርምሯል?

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ኪኒኑ ኑ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከሚወስዳቸው አራት መድኃኒቶች ውስጥ ፒራዚናማይድና ሪፋምፒሲን ሆድ ያስቸግራሉ። «ያቅለሸልሽዎታል?» ብቻ አትበሉት። «ኪኒኑን ስንት ሰዓት ይውጣሉ? ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ጉርሻ መቼ ይጎርሳሉ?» በሉት። የእኛ ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ይውጣል፣ እስከ ቀትር ያቅለሸልሸዋል፣ ቁርሱ ሳይበላ ያልፋል። ሪፋምፒሲን በባዶ ሆድ ቢወሰድ ይሻላል፤ ነገር ግን የሚያቅለሸልሸው ሰው በትንሽ ምግብ ቢወስደው መድኃኒቱን ከማቋረጥ ይሻላል። ጥቂት በሶ ወይም ቁራጭ ዳቦ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ሳታጣሩ ይህን ምክር አትስጡ። ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት መጥፋት የጉበት ጉዳት የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ስለሚያደርግ በሽንት ቀለም ብቻ አትመሩ። የዓይኑን ነጭ በቀን ብርሃን እዩ፣ ከቀኝ ጎድኑ ሥር ያመው እንደሆነ ጠይቁ፣ ማስታወክ ካለ አትጠብቁ። ከተጠራጠራችሁ ኪኒኑን አቁሞ ወዲያውኑ ሐኪም እንዲያየው አድርጉ።

ዓይኑ ንጹሕ ነው እንበል። እንግዲህ ቤቱ ቀረ። እዚህ ጋ ብዙዎቻችሁ ትቸኩላላችሁ፤ ለመጠየቅም ያሳፍራል። ከታመመ ወዲህ ሥራ አቁሟል። የሚስቱ የልብስ አጠባ ገቢ ኪራዩን ከፍሎ ብዙ አይተርፍም። «በቂ ምግብ አላችሁ?» ብትሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላችኋል። ስለዚህ ቁርጥ ያለ ጥያቄ ጠይቁ፦ ባለፉት አራት ሳምንታት ቤት ውስጥ ምንም የሚበላ የጠፋበት ቀን ነበር? ምግብ አጥቶ ሳይበላ የተኛ ሰው አለ? ቀንና ሌሊቱን ሙሉ ሳይበላ ያሳለፈስ? አዎ ካለ «ስንት ጊዜ?» በሉ።

ፕላምፒ ነት የሚባለውን የታሸገ የኦቾሎኒ አልሚ ምግብ ከሰጣችሁት ደግሞ ማን እንደሚበላው ጠይቁ። ለልጆቹ ሳያካፍል ብቻውን ይጨርሳል ብሎ መገመት የአባትን ሆድ አለማወቅ ነው። አንዱ እሽግ 500 ካሎሪ ነው፤ ለሦስት ከተከፈለ ለእሱ የሚተርፈው አንድ ቁራሽ ነገር ነው። አትቆጡት። በሕንድ ጃርካንድ በተደረገውና ራሽንስ በሚባለው ጥናት ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡም ምግብ ሲሰጥ አብረውት የሚኖሩት በቲቢ የመያዝ ዕድላቸው ቀንሷል። ልጆቹ የበሉት እሽግ ባክኗል ለማለት የሚቸግረኝ ለዚህ ነው።

ስለዚህ በካርዱ ላይ «ክብደት 47.5» ብቻ አትጻፉ። «ጠዋት ያቅለሸልሸዋል፣ ዓይኑ ንጹሕ ነው፣ ኪኒኑን በትንሽ ምግብ ይወስዳል፣ ቤቱ በወር ሦስት ቀን ምግብ አጥቷል፣ እሽጉን ከልጆቹ ጋር ይካፈላል» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ቤተሰቡ ምን ድጋፍ ሊያገኝ እንደሚችል ለማየት የማኅበራዊ ድጋፍ ሠራተኛዋን ጥሩ፣ በሁለት ሳምንት መልሳችሁ መዝኑት። ልጆቹንም አስመጡ፤ ለቲቢም ይመርመሩ፣ የምግብ እጥረት እንዳለባቸው ለማየት ክንዳቸውም ይለካ።