ሰሌዳው፣ ስፒናውና ብሎኑ ሲጣሉ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ የበርና የመስኮት ብየዳ ሥራ የጀመረ አንድ ወጣት፣ ጅማ መርካቶ አጠገብ ወዳለችው የጥገና ቤቴ አንድ ግራይንደር በፌስታል ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ካርቦኑ አልቆ ይሆናል» አለኝ። ካርቦን ለሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርስ፣ እየተበላ ሲያልቅ የሚቀየር ቁራጭ ነው። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ግን ከእሱ ቀድሞ በሩን አልፎ ገብቶ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሞተር ስጠቀልል የኖርኩ ሰው ነኝና ያንን ሽታ አላጣውም። የተቃጠለው ሞተሩ ነው። ልጁ ማሽኑን የገዛው ከቁጠባው አውጥቶ፣ በላዩ ላይ በተጻፈው ታዋቂ የውጭ ማርካ ተማምኖ ነበር።

ይህን የምጽፍላችሁ ማሽኑን ሳልፈታው፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጥኩት፣ ኮፒ መሆኑን እንዴት እንዳወቅሁ ላሳያችሁ ነው። እናንተም ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት፣ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ተረዱ። አስመስሎ የሚሠራ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ዓይን በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ቀለሙ፣ የፕላስቲኩ ቅርጽ፣ ካርቶኑና የማርካው ጽሑፍ ከዋናው ጋር እስኪመሳሰሉ ይደክምባቸዋል። የሚቆጥበው ደግሞ መዳብ ላይ፣ ናስ ላይና ጥሩ ብረት ላይ ነው። ማሽኑ ላይ በሚለጠፈው የዝርዝር ሰሌዳ ላይ 1400 ዋት ብሎ መጻፍ 700 ዋት ብሎ ከመጻፍ አንድ ሳንቲም አይበልጥም። 1400 ዋት የሚሸከም ሽቦና ስፒና መግጠም ግን ያስወጣል። ስለዚህ ሰሌዳው የፈለገውን ሲናገር ስፒናው አብሮት መዋሸት ያቅተዋል። የእኛ ሥራ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጋገር ነው።

የልጁ ማሽን ሰሌዳ እንዲህ ይል ነበር፦ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 1400 ዋት፣ 3.2 አምፔር፣ የዲስክ ስፋት 115 ሚሊ ሜትር፣ በደቂቃ 11,000 ዙር። ከጎኑ አንዱ ካሬ በሌላው ውስጥ የተሳለበት ምልክት አለ። ስልኩን እንዲያወጣ ነገርኩትና 220 በ3.2 እንዲያባዛ አደረግሁት። 704 መጣ። እንዲህ ባለ የካርቦን ሞተር ላይ ቮልቱና አምፔሩ ተባዝተው የሚሰጡት ቁጥር ከተጻፈው ዋት ጋር ይቀራረባል፤ ጥቂት ቢበልጠው እንጂ በፍጹም በግማሽ አያንሰውም። ሰሌዳውን ያተመው ሰው አምፔሩን ከአንድ ማሽን፣ ዋቱን ከሌላ ማሽን ገልብጧል ማለት ነው። ዝርዝሩን ከአንድ ሞተር ላይ የለካ ፋብሪካ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም። ሁሉም ሰሌዳ አምፔሩን አይጽፍም፤ ሲጽፍ ግን አባዙት።

ዙሩንም ማመሳከር ይቻላል። የተለመደው የመቁረጫ ዲስክ ጠርዙ በሴኮንድ ከ80 ሜትር በላይ እንዳይሮጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህም ለ115 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 13,300 ዙር ገደማ፣ ለ230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ደግሞ 6,650 ዙር ገደማ ይሆናል፤ ቁጥሩ ዲስኩ ላይም ተጽፏል። የልጁ ማሽን 11,000 ስለሚል በዚህ በኩል ችግር አልነበረበትም። ትልቅ የ230 ግራይንደር ላይ 11,000 የሚል ቁጥር ካያችሁ ግን ሰሌዳው ከትንሹ ማሽን ተገልብጦ የተለጠፈ ነውና መልሳችሁ አስቀምጡት።

ቀጥሎ ስፒናውን በእጄ ያዝኩ። ጠፍጣፋ ነው፤ ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ የእግሮቹ ግማሽ በፕላስቲክ ተሸፍኗል። ይህ ዓይነት ስፒና ለስልክ ቻርጀር፣ ለሬዲዮና ለትንሽ አምፖል የተሠራ ነው። የእግሩ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን ልኩም 2.5 አምፔር ነው። 2.5 በ220 ሲባዛ 550 ዋት ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሰሌዳው 1400 ይላል፣ የራሱ አምፔር 704 ይላል፣ ስፒናው ደግሞ ከ550 በላይ አልሸከምም ይላል። ሦስቱም ተጣልተዋል። ለእንዲህ ያለ ማሽን የሚገባው ክብ ትከሻ ያለው፣ እግሮቹ 4.8 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ 16 አምፔር የተጻፈበት ወፍራም ስፒና ነው። ሁለቱን ስፒናዎች በመዳሰስ ብቻ ትለዩዋቸዋላችሁ።

የስፒናው አሠራርም ብዙ ይናገራል። በኦሪጅናሉ ላይ ፕላስቲኩ ከኬብሉ ጋር በአንድ ፎርማ የፈሰሰ ነው፤ ስፒናውን የሠራው ድርጅት ምልክት፣ ቮልቱና አምፔሩ በእግሮቹ መካከል ወይም በጎኑ ላይ ጥርት ብለው ወጥተው ይነበባሉ። ኬብሉ ከስፒናው በሚወጣበት ቦታ ላይ ያለው ጅራት እንደ ቀለበት የተከፋፈለ ስለሆነ ስታጥፉት አብሮ ይታጠፋል። የልጁ ስፒና ላይ የፎርማው መገጣጠሚያ ጠርዝ ጥፍር እስኪይዝ ድረስ ተርፎ ወጥቷል፤ ጽሑፉ ደብዝዟል፤ ጅራቱ ድፍንና ደረቅ ነው፤ ኬብሉም እዚያው ሥር ላይ መሰንጠቅ ጀምሯል። ከመሳቢያዬ ትንሽ ማግኔት አውጥቼ ወደ እግሮቹ ሳስጠጋት ተለጠፈች። ደህና የስፒና እግር ኒኬል የተቀባ ናስ ነው፤ ናስ ደግሞ ማግኔት አይስበውም። የብረት እግር ይግላል፤ ጅማ በሚጥለው ዝናብና እርጥበት ደግሞ ፈጥኖ ይዝጋል። ከተበላሸ ስፒከር የምትወጣ ማግኔት ኪሳችሁ ውስጥ ብትኖር አትከብዳችሁም።

ብሎኑን በመጨረሻ አየሁት፤ ሆን ብዬ ነው። የማርሽ ቤቱን ከሞተሩ ጋር የሚያስሩት አራት ብሎኖች ናቸው። በዚህ ማሽን ላይ ሁለቱ የመስቀል ራስ ያላቸው ብርማ፣ ሁለቱ ደግሞ ጥቁር ነበሩ። የአንዱ ራስ በቀዳዳው ውስጥ ዘንበል ብሎ ተቀምጧል፤ የመስቀሉ ጠርዞችም በካቻቢቴ ተበልተዋል። ፋብሪካ ላይ ብሎን የሚታሰረው በተለካ ጉልበት ነው፤ አራቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀለም፣ እኩል የጠለቁ ይሆናሉ። ብዙ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ባለ ስድስት ጫፍ የኮከብ ራስ ይመርጣሉ፤ ሌሎች ታላላቅ አምራቾች ደግሞ እስከ ዛሬ መስቀል ይጠቀማሉ። ስለዚህ «ኮከብ ከሆነ ኦሪጅናል ነው» የሚለውን ወሬ አትቀበሉ። ራሱን ሳይሆን አንድነቱን እዩ። ብሎን የመፍታት ዕድል ካገኛችሁ ጥርሱን ተመልከቱ፤ ለፕላስቲክ አካል የተሠራ ብሎን ጥርሱ ስለታምና እርስ በርሱ የተራራቀ ነው። የቆርቆሮ ብሎን ፕላስቲክ ላይ ከተገጠመ ግን ማሽኑ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይላላል።

ብሎንን ለመጨረሻ የማቆየው አንድ ሰው ስለ በደልኩ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አናጢ ድሪል አሳየኝ፤ ብሎኖቹ የተለያዩ ነበሩና «ኮፒ ሸጠውልሃል» አልኩት። ሄዶ ከሻጩ ጋር ተጣላ። በኋላ ስፈታው ጥቅሉ ንጹሕ መዳብ፣ ኩሽኔታዎቹም የሠሪያቸው ስም ጥርት ብሎ የታተመባቸው ነበሩ። ከእኔ በፊት ከፍቶት የነበረ ጠጋኝ ብሎን ጠፍቶበት ያገኘውን ገጥሞበት ነበር። ሁለቱንም ሰዎች ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ብሎን ማሽኑ ተከፍቶ እንደ ነበር ይነግራችኋል፤ የት እንደ ተወለደ ብቻውን አይነግራችሁም። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ «ተጠግኖ ያውቃል?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰሌዳው ላይ ወዳየነው የሁለቱ ካሬዎች ምልክት ልመለስ። ምልክቱ መሣሪያው ድርብ መከላከያ ስላለው፣ ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው የኤርዝ ሽቦ አያስፈልገውም ማለት ነው፤ ኬብሉ ውስጥም ሁለት ሽቦ ብቻ ይኖራል። ካውያ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አብዛኛው ካውያ ይህ ምልክት የለውም፤ ስለዚህ ሦስተኛ ሽቦ የግድ ያስፈልገዋል፤ ስፒናውም በሁለት ጎኑ የኤርዝ ብረት አለው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የካውያ ኮፒ የጎን ብረቱ ያለበት፣ ውስጡ ግን ሁለት ሽቦ ብቻ የሆነው ነው። ከውጭ ሲያዩት ያማረ ነው። ውስጡ ያለው ሽቦ አካሉን የነካ ቀን ግን፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሯ ቆማ የምትተኩሰውን እናት የሚያድናት ነገር የለም።

ይህን ለመለየት ቴስተር ይበቃል። ካውያው ከሶኬት ተነቅሎ፣ ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማበት ቦታ አድርጉት። አንዱን ጫፍ የስፒናው የጎን ብረት ላይ፣ ሌላውን የካውያው ብረት ላይ አስነኩ። የካውያው ፊት በማይጣበቅ ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀለሙ ስለሚከልል ጠርዙ ላይ ባለ ባዶ ብረት ወይም ብሎን ላይ ሞክሩ። መጮኽ አለበት። ካልጮኸ ኮፒም ይሁን የተበጠሰ ኦሪጅናል፣ አትሰኩት። ቢጮኽም እንኳ የቤታችሁ ሶኬት ራሱ ኤርዝ ከሌለው ሦስተኛው ሽቦ አይጠብቃችሁምና ያንንም በባለሙያ አስመርምሩ።

ዕቃው የአውሮፓን ደንብ ያሟላል ስለሚለው የሲኢ ምልክት ብዙዎች ትጠይቁኛላችሁ። ምልክቱን በአብዛኛው የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ ነው፤ ማተሚያ ያለው ሁሉ ሊያትመው ይችላል። እኔ ጊዜዬን አላጠፋበትም።

የልጁን ግራይንደር በመጨረሻ ፈታሁት። ጥቅሉን በምላጭ ስፍቀው ከቀዩ ቫርኒሽ ሥር ነጭ አሉሚኒየም ወጣ። እንደገና ልጠቀልልለት እችል ነበር፤ ግን የማርሽ ቤቱም ተበልቷልና ገንዘቡን መውሰድ ሕሊናዬ አልፈቀደም። አብሬው ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሻጩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም በማርካው ታምኖ ያመጣው ነው። ከመደርደሪያው ሁለት ያልተከፈቱ ካርቶኖች እንዲያወርድ ለመንኩትና የሦስቱንም የመለያ ቁጥር ጎን ለጎን አነበብን። የኦሪጅናል ማሽን መለያ ቁጥር የእያንዳንዱ የብቻው ነው። የሦስቱ ግን እስከ መጨረሻው አኃዝ አንድ ነበር። ሻጩ ቁጥሩን በእስክሪብቶ እጁ ላይ ጽፎ አዲስ አበባ ወዳለው አከፋፋዩ ደወለ።

ልጁ በምትኩ የወሰደው ስሙን ብዙ ሰው የማያውቀው ማሽን ነው፤ የማንንም ማርካ አላስመሰለም። ሰሌዳው 710 ዋትና 3.4 አምፔር ይላል፤ ስፒናው ወፍራም፣ 16 አምፔር የተጻፈበት ነው፤ ማግኔቷም አልተለጠፈችም። አራቱ ብሎኖች መስቀል ናቸው፣ አራቱም አንድ ዓይነት። ከትናንት ወዲያ ካርቦን ሊቀይር መጥቶ ነበር፤ የዚህን ጊዜ ያለቀው እውነትም ካርቦኑ ነው።