ዕጣ ስትገዙ የምትከፍሉት ወለድ፦ የእቁብ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እቁብ ወለድ አለው ወይስ የለውም?

መዝገቡ ላይ የለውም። አሥር ሰው በየወሩ 5,000 ብር ይጥላል እንበል። የመጀመሪያው ባለዕጣ 50,000 ይወስዳል። ከዚያ ውስጥ የራሱ 5,000 ብቻ ነው። 45,000ው የሌሎቹ ነው፣ በዘጠኝ ወር ያለ ጭማሪ ይመልሰዋል። መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ሲያበድር ከርሞ የጣለውን ብቻ ያገኛል። በመሀል ኑሮ ከተወደደ የእሱ 50,000 የፊተኛውን ያህል ዕቃ አይገዛለትም። ልዩነቱን ኋለኛው ለፊተኛው ከፍሎለታል ማለት ነው። ይህ ወለድ በቁጥር የሚታየው ዕጣ ሲሸጥ፣ ማለትም ቀድሞ የደረሰው ብር ተቀብሎ ተራውን ከኋለኛው ጋር ሲለዋወጥ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት ልጅ በ4,000 ብር ሸጠልኝ። 8 በመቶ ነው አይደል?

አይደለም። መጀመሪያ እጅህ የገባው 46,000 ነው እንጂ 50,000 አይደለም። 4,000ን ለ46,000 ስታካፍል 8.7 በመቶ ይመጣል። ዋናው ስህተት ግን ጊዜውን መተውህ ነው። ተራህ ስንተኛ ወር ላይ ነበር? አሥረኛው ከነበረ ገንዘቡን ዘጠኝ ወር አስቀድመህ አገኘህ። በዓመት ወደ 12 በመቶ ይጠጋል። አራተኛው ከነበረ ግን የቀደምከው ሦስት ወር ብቻ ነው፤ ያው 4,000 በዓመት 35 በመቶ ያህል ሆነብህ። ዕጣ የሚገዛ ሰው ወሩን ይቁጠር!

ጥያቄ፦ የኛ እቁብ ዕጣ የሚወጣው በየወሩ ነው። ተራዬን አላውቅም። እንዴት ልቁጠር?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ተራው አስቀድሞ ካልተያዘ ሻጩ አንቺን ተክቶ ወደ ዕጣው ይመለሳል። በሁለተኛው ወር ሊወጣለት ይችላል፣ እስከ አሥረኛውም ሊቆይ ይችላል። መካከሉ ስድስተኛው ወር ነው፣ ከመጀመሪያው አምስት ወር ይርቃል። በዚያ ሂሳብ 4,000ው በዓመት 21 በመቶ አካባቢ ነው። በሚቀጥለው ወር ከወጣለት ግን ለአንድ ወር 8.7 በመቶ ከፈልሽ ማለት ነው። ለዚህ ነው በየወሩ በሚወጣ እቁብ ውድ ዕጣ እንዳትገዙ የምለው።

ሌላ አባል፦ ጋሼ ሂሳቡ ተሳስቷል። ገዢው እኮ በየወሩ 5,000 ይጥላል። ዕዳው እየቀነሰ ነው የሚሄደው።

መዋጮውን ዕጣ ቢገዛም ባይገዛም ይጥላል። የተለወጠው ብሩን የሚያገኝበት ቀን ብቻ ነው።

ያው አባል፦ ዕጣ ለመግዛት ብዬ ብቻ እቁብ ብገባስ?

እሱ ሌላ ነው፣ ልክ ነህ። ያኔ የጣልከውን 5,000 ስትቀንስ እጅህ የሚቀረው 41,000 ነው፤ ለዚያ ዘጠኝ ጊዜ 5,000 ትመልሳለህ። በወር 1.9 በመቶ ገደማ ይመጣል። ከባንክ ብድር ጋር ስታወዳድር የቱን ቁጥር መያዝ እንዳለብህ ከጓደኛዬ ጋር ስንከራከር ቆይተናል፣ አልተስማማንም።

ጥያቄ፦ ወለድ ከሆነ በሃይማኖት አይከለከልም?

የሃይማኖት አባትህን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ እቁብ ይሻላል ባንክ?

ለምን ጉዳይ? ስንት ብር? መቼ ነው የምትፈልገው? ይህን ሳትነግሩኝ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ እኔ ዕጣዬን ሸጥኩ። ገዢው ሦስት ወር ጥሎ ጠፋ። ዋስ ነበረው፣ ዋሱም ቀድሞ ወስዶ ስለነበር መክፈል አቆመ።

ያሳዝናል፣ ብዙ እቁብ የሚፈርሰው በዚሁ ነው። ገና ያልደረሰው ዋስ ቢሆን ሰብሳቢው ተራው ሲደርስ ከድርሻው ቀንሶ ይይዝበታል። የወሰደ ዋስ ግን ምን ይያዝበታል? ፊርማው ብቻ ነው የሚቀረው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብር ሲወጣ ዋሱ ያልደረሰው ሰው ይሁን። ያንተ ነገር እንዲህ ነው፦ ሽያጩ በመዝገብ ከተጻፈ ተራው ያንተ መሆኑን ታሳያለህ። የጠፋውን መዋጮ ማን ይሸፍናል የሚለውን ግን የእቁባችሁ ደንብ ነው የሚወስነው። በቃል ከሆነ የተሻሻጣችሁት፣ ዛሬውኑ ጸሐፊው ዘንድ ሂድና ምስክር ባለበት አስመዝግብ።

ጥያቄ፦ ዕጣ በ3,000 ቢሸጥልኝ ያዋጣል?

ተራሽ ስንተኛ ነው? ከላይ ብያለሁ፣ ወሩን ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ነኝ፣ ከመጀመሪያው ልገዛ ነው።

አንድ ወር ለመቅደም 3,000? ተዪው።