ትሪው ላይ የወጣው ቢጫ ቆሻሻ አይደለም

ጥያቄ፦ «በብር የተለበጡት የእናቴ ትሪና የስኳር ዕቃ ጠቁረዋል። ትሪውን በአቼቶና በጨው ስፈትገው ጠርዙ ላይ ቢጫ ነገር ወጣ፤ ብፈትገውም አልለቅ አለ። ሁለቱንም ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ልንከራቸው ወይስ በረኪና ልሞክር?»

መልስ፦ በረኪናውን ያርቁ። ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ከነገሩኝ ስገምት ቢጫው ናስ ነው። ብሩ አልቆ ከስሩ ያለው ብቅ ብሏል። ጥፍርዎን ያሳልፉበት፤ ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ይሻክርዎት ነበር። ልባጥ ቀድሞ የሚሳሳው እጅና ጨርቅ በሚበዛበት ጠርዝ ላይ ነው። አሁን ገበያውን የሞላው ርካሽ ዕቃማ ልባጡ ከመሳሳቱ የተነሣ ጥቂት ፍትጊያ አይችልም። ከእርስዎ በፊት በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ የፈተገው ሰው ካለም ቀጥ ያሉ ጭረቶች ይታያሉ፤ ያ ሥራ አያስመሰግንም።

ጥቁረቱ ምን እንደሆነ ልንገርዎት፤ ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው። ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲዋሃድ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ከውጭ የተለጠፈ ጥላሸት ሳይሆን ራሱ ብር ያለበት ነው። አቼቶ ይህን ውህድ እምብዛም አይነካውም፤ ትሪውን ያነጣልዎት የጨው ፍሬ ነው፣ ያውም ብሩን እየፋቀ። አሉሚኒየም ግን ድኙን ከብር ይልቅ አጥብቆ ይስባል። ሞቃት የሶዳ ውሃ ሁለቱን ሲያገናኛቸው ድኙ ብሩን ይለቃል፤ ብሩም አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ከሶዳው ጋር የአሉሚኒየም ፎይል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በሶዳ ብቻ ቢነክሩት ለውጥ አያመጣም።

የስኳር ዕቃው ልባጡ ካልተላጠ፣ በማጣበቂያ የተያያዘ ክፍል ወይም ፈርጥ ከሌለው በዚህ መንገድ ይሥሩት። በሳሙና ይጠቡት። የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ፎይል አንጥፈው ዕቃውን ፎይሉን እንዲነካ አድርገው ያስቀምጡት። በአንድ ሊትር ትኩስ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አሟሙተው ያፍስሱበት። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ስለሚወጣ መስኮት ይክፈቱ። ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ በኋላ አውጥተው ያለቅልቁትና ወዲያውኑ ያድርቁት። ጌጡ ጎልቶ እንዲታይ አንጥረኛው ሆን ብሎ ያጠቆረው ቅርጽ ካለበት ግን አይንከሩት፤ ያንንም ያጠፋዋል።

ትሪውን አይንከሩት። በተላጠው በኩል ፈሳሽ እየገባ የቀረውን ብር ሊያነሣው ይችላል። በሳሙናና በለስላሳ ጥጥ አጥበው ያድርቁት። ቢጫው ካላስደሰተዎት መፍትሔው እንደገና በብር ማስለበጥ ብቻ ነው።

አቼቶና ጨው የሚስማማው ላልተለበጠ፣ ወፍራም ናስ ነው፤ ለምሳሌ ለሙቀጫ። ማግኔት ከያዘው ውስጡ ብረት ነውና ይተዉት። ናስም ቢሆን በአቼቶ አሽተው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠቡት። አቼቶው ሲያድርበት ናሱ ውስጥ ያለው ዚንክ እየወጣ መዳቡ ይቀርና መልኩ ወደ ሮዝ ይለወጣል። አንዱ አልሠራ ሲል ሌላውን መደረብ የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ አቼቶ በነካው ሳፋ ውስጥ በረኪና አይጨምሩ።